ግፊቱን ያወረደው ጁስ ሽንታቸውን ምን አደረገው? የአንድ ታካሚ የጉዳይ ጥናት

የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ዕቃውን ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋ አየችው። ሦስት ሊትር የሚይዝ ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ የ24 ሰዓት ሽንት አለ። ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ሮዝ ነበር።

«ይሄ ደም ነው ወይስ ሌላ ነገር?» አለችኝ።

ዕቃውን ያመጡት ታካሚ በር ላይ «ቀይ ስር እየጠጣሁ ስለሆነ ቀለሙ አያስደንግጣችሁ» ብለውኝ ነበር። እኔም ያንኑ ነገርኳት። መጠኑ ተለካ፣ ናሙናው ተላከ፣ ነገሩ አለፈ። ከስምንት ቀን በኋላ ሰውየው ሌሊት ሽንጣቸውን ይዘው ድንገተኛ ክፍል ገቡ።

የምሠራው የኩላሊት ጠጠር ክትትል ክፍል ውስጥ ነው፤ ሙያዬ ሥነ ምግብ ነው። ይህን የምጽፈው በታካሚው ፈቃድ ነው። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር አልጨመርኩም።

እኚህ ሰው 54 ዓመታቸው ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ከስድስት ዓመት በፊት በራሱ ወጣ። ሁለተኛው አልወጣ ብሎ ከሦስት ዓመት በኋላ ከሰውነት ውጭ በሚላክ ሞገድ፣ በሾክ ዌቭ፣ ተሰባበረ። ስባሪው ሲመረመር ካልሲየም ኦክሳሌት ሆነ፤ አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር የዚህ ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንዴ የ24 ሰዓት ሽንት ያመጡልናል። ባለፈው ዓመት በሽንታቸው የወጣው ኦክሳሌት፣ ማለትም ከምግብ የሚገባውና ከካልሲየም ጋር ሲያያዝ ጠጠር የሚሠራው ነገር፣ በቀን 37 ሚሊግራም ነበር። ከ40 እስከ 45 በታች ከሆነ ጥሩ ነው የምንለው፣ ስለዚህ ድንበሩ አካባቢ ቢሆንም ውስጥ ነበሩ።

በዚህ መሀል ደም ግፊታቸው ከፍ አለ። ቤት ውስጥ ለሳምንት ጠዋትና ማታ ለክተው ያመጡት አማካይ 146 በ91 ነው። ሐኪማቸው መድኃኒት ሊጀምሩላቸው ሲሉ «ሁለት ወር ይስጡኝ፣ በምግብ ልሞክር» አሉ። ሐኪሙም ተስማሙ። ምን ዓይነት ምግብ እንደሆነ አልተጠየቁም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። የግፊቱ ሐኪም ስለ ጠጠሩ አላሰቡም፤ እኛ የጠጠሩ ሰዎች ደግሞ ግፊታቸው መጨመሩን እንኳ አላወቅንም ነበር።

በማግስቱ ቀይ ስር ጁስ ጀመሩ። ግማሽ ሊትር፣ በየቀኑ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ።

ያነበቡት ነገር ውሸት አልነበረም፤ ይህን ከመጀመሪያው መናገር እፈልጋለሁ። ለንደን በሚገኘው ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሠርቶ በ2015 የታተመ ጥናት አለ። ግፊት ያለባቸው 68 ሰዎች ለአራት ሳምንት በየቀኑ 250 ሚሊ ሊትር ቀይ ስር ጁስ ጠጡ። ግማሾቹ የጠጡት ግፊት ያወርዳል የሚባለው ንጥረ ነገር፣ ናይትሬቱ፣ የወጣለትን ጁስ ነው፤ ማንም ሰው በጣዕም አይለየውም። ናይትሬት ያለውን የጠጡት ሰዎች ላይ የላይኛው ግፊት ቁጥር በ8 ገደማ ወረደ። ይህ ከአንድ የግፊት መድኃኒት ከሚገኘው ብዙም የማይርቅ ውጤት ነው። ጁሱ ሲቆም ግን ግፊቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደነበረበት ተመለሰ። ስለዚህ የሚሠራው እየተጠጣ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

አሠራሩ በጣም ደስ ይለኛል፤ ነገሩ የሚያልፈው በምራቅ በኩል ነው። በጁሱ ውስጥ ያለው ናይትሬት ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። ከዚያ ሩብ ያህሉን የምራቅ ዕጢዎች ከደም ለቅመው መልሰው ወደ አፍ ያመጡታል። ምላስ ጀርባ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል። ምራቁ ሲዋጥ ናይትራይቱ ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለወጣል፤ የደም ሥሮችን የሚያላላው እሱ ነው። ጁሱ በተጠጣ በሦስት ሰዓት ገደማ ውጤቱ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ሰዎች ጁሱን ጠጥተው ምራቃቸውን ሳይውጡ እንዲተፉ ሲደረግ ግን ግፊታቸው አልወረደም። ሰውነታችን ይህን መቀየር በራሱ በደንብ አይችልም፤ ሥራው የባክቴሪያዎቹ ነው።

ይህን በታካሚዬ ማስታወሻ ደብተር ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቁጥሮቹን በትንሽ እስክሪብቶ፣ በሁለት ዓምድ፣ ጠዋትና ማታ እያሉ ጽፈዋል። በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት ምንም ለውጥ የለም፤ 145፣ 147፣ 144። ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ መውረድ ይጀምራል። ምን ተለወጠ ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ጁሱ ጥርሴን ስለሚያቀላ ልክ እንደጠጣሁ በአፍ መጉመጥመጫ እታጠብ ነበር። ያኔ ጠርሙሱ አለቀ፣ ሌላ አልገዛሁም» አሉኝ። መጉመጥመጫው ባክቴሪያ የሚገድል ዓይነት ነበር። በየቀኑ ናይትሬቱን እየጠጡ፣ የሚቀይሩላቸውን ባክቴሪያዎች በየቀኑ እየገደሉ ነበር ማለት ነው። በአምስተኛው ሳምንት አማካያቸው 139 በ87 ደረሰ። ሰባት ነጥብ ወርዷል፤ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።

አሁን ወደ ጠጠሩ እንምጣ።

ቀይ ስር ኦክሳሌት ከሚበዛባቸው ምግቦች አንዱ ነው። ጁሱ ሲለካ በ100 ሚሊ ሊትር ከ60 እስከ 70 ሚሊግራም ያህል ኦክሳሌት ተገኝቶበታል። መካከሉን 65 እንያዝ። ግማሽ ሊትር ሲሆን 325 ሚሊግራም ይሆናል። በጠጠር ክትትል ላይ ላለ ሰው ከምግብ የሚገባው ኦክሳሌት በቀን ከ100 ባይበልጥ ይመረጣል እንላለን። እሳቸው የሦስት ቀኑን በአንድ ብርጭቆ፣ ያውም ቁርስ ሳይቀምሱ ይወስዱ ነበር።

ባዶ ሆድ መሆኑ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ኦክሳሌት አንጀት ውስጥ ካልሲየም ካገኘ ይያያዝና ሳይሟሟ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ካልሲየም ካላገኘ ወደ ደም ይገባል፤ ሰውነት ምንም ስለማያደርግበት ኩላሊት ወደ ሽንት ይጥለዋል። እዚያ ደግሞ ከካልሲየም ጋር ይገናኛል። መገናኘታቸው አይቀርም፤ አንጀት ውስጥ ቢሆን ግን ምንም አይጎዳንም ነበር።

እኚህ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ጠጠር ጀምሮ ወተትና እርጎ ትተዋል። «ጠጠሩ ካልሲየም ነው ተባልኩ፣ ስለዚህ ካልሲየም አቆምኩ» አሉኝ። ይህን ስንቴ እንደሰማሁ! ሲያስቡት ልክ ይመስላል፤ ግን ተቃራኒው ነው። በ2002 የወጣ አንድ የጣልያን ጥናት ተደጋጋሚ ጠጠር ያለባቸውን 120 ወንዶች ለአምስት ዓመት ተከታትሏል። ካልሲየም ከቀነሱት ውስጥ 38 በመቶው እንደገና ጠጠር ሠሩ። ካልሲየሙን በመደበኛ መጠን እየበሉ ጨውና ሥጋ ከቀነሱት ውስጥ ግን 20 በመቶው ብቻ ናቸው የሠሩት። በሦስት ዓመት ክትትላችን ውስጥ ወተት መተዋቸውን ሳናውቅ መቆየታችን የእኛ ጥፋት ነው። የምንጠይቀው ስለሚበሉት ነበር፤ ስላቆሙት አልጠየቅንም።

የዚያ ሮዝ ሽንት ውጤት የመጣው ድንገተኛ ክፍል በገቡ በሁለተኛው ቀን ነው። ኦክሳሌት 69 ሚሊግራም። ከባለፈው ዓመት በ32 ጨምሯል። ከ325 ሚሊግራም ውስጥ አንድ አሥረኛው ወደ ሽንት ቢያልፍ 32 ይሆናል። የአንድ ሰው ቁጥር እንዲህ በትክክል መግጠሙ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ አቅጣጫው ግን አያጠራጥርም። ሌሎቹም ቁጥሮች ጥሩ አልነበሩም። የሽንቱ መጠን 1.4 ሊትር ብቻ ነው፤ እኛ የምንፈልገው 2 ሊትር ተኩል አካባቢ ነው። ካልሲየሙ 265 ሚሊግራም፣ ከፍ ያለ። ሶዲየሙ 205 ሚሊሞል፤ ወደ ጨው ሲቀየር በቀን 12 ግራም ገደማ ነው። ይህን የጨው ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ስለዚያ ሌሊት ራሳቸው የነገሩኝን ላስቀምጥ። ሕመሙ ከመጀመሩ ከሦስት ቀን በፊት ሽንታቸው ከሮዝ ወደ ጠቆር ያለ ቀይ ተለውጦ ነበር። «ቀይ ስሩ ጠንክሮ ነው ብዬ ተውኩት» አሉኝ። ቀይ ስር ከሚበሉ ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ያህል ሽንቱ ይቀላል፤ ጉዳት የለውም። ጠጠር ለሚይዘው ሰው ግን ከባድ ችግር አለው፦ የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ምልክት ይሸፈናል። ጠጠር ሲንቀሳቀስ ቱቦውን ይቧጭረውና ደም ሽንት ውስጥ ይገባል። ቀይ ስር የሚጠጣ ሰው ይህን በዓይኑ ሊለይ አይችልም። የሚለየው በሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ነው። የቀይ ስር ቀለም የደም ምልክቷን አያስነሳም፤ ደም ካለ ግን ትንሿ ካሬ አረንጓዴ ትሆናለች። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው። ባልደረባዬ ያን ቀን ስትጠይቀኝ ስትሪፕ ነክረን ማየት ነበረብን። ምን እንደሚያሳይ አላውቅም፤ ግን ማየት ነበረብን።

ሲቲ ስካኑ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ የታችኛው ጫፍ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ጠጠር አሳየ። ይህን ያህል ትንሽ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። ማስታገሻ ተሰጣቸው፣ ውሃ እንዲጠጡ ተነገራቸው፣ ሽንታቸውን በወንፊት እንዲያጠሉ ተደረገ። በስምንተኛው ቀን ወጣ። በወረቀት ጠቅልለው አመጡልኝ፤ ቡናማ፣ የስንዴ ፍሬ የማትሞላ፣ ስትነካት ሸካራ። አሁንም ካልሲየም ኦክሳሌት ነች።

ታዲያ ጠጠሩን የሠራው ጁሱ ነው? እኔ እንደዚያ አልልም። አምስት ሳምንት አጭር ጊዜ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጥግ ይዛ የተቀመጠች ትንሽ ጠጠር ልትሆን ትችላለች። በእርግጠኝነት የምለው ሽንታቸው ውስጥ ያየሁትን ብቻ ነው፦ ያ ጁስ ሽንታቸውን ጠጠር ለማሳደግ እጅግ የተመቸ አድርጎት ነበር፣ ውሃ ማነሱና ወተት መተዋቸው ደግሞ አባብሶታል።

ጁሱን አቆሙ። በሦስተኛው ሳምንት ሽንታቸው እንደገና ሲለካ ኦክሳሌቱ 36 ሆነ። ግፊቱም 145 በ90 ተመለሰ። ደብተሩን ከፍተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «እህቴ፣ ኩላሊቴን ሳልነካ ያን ሰባት ነጥብ መልሺልኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ቀቅለው ቢበሉትስ የሚል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቀይ ስር ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ የተወሰነው ኦክሳሌት አብሮ ይሄዳል። ችግሩ ናይትሬቱም ውሃ ውስጥ የሚሟሟ መሆኑ ነው። አንዱን ሲደፉ ሌላውንም ይደፋሉ።

ቀጥሎ መጠኑን ስለ መቀነስ አሰብን። በዚያ የለንደን ጥናት 250 ሚሊ ሊትሩ 400 ሚሊግራም ገደማ ናይትሬት ነበረው። ያን ያህል ናይትሬት ከጁስ ለማግኘት 160 ሚሊግራም ያህል ኦክሳሌት አብሮ ይዋጣል። ለኩላሊታቸው ወደማይከብድ መጠን፣ ለምሳሌ ወደ 50 ሚሊ ሊትር፣ ብንወርድ ናይትሬቱ 80 ብቻ ይሆናል፤ በዚያ መጠን የሚወርድ ግፊት አልጠብቅም። ቤት የሚጨመቅ ጁስ ደግሞ ናይትሬቱ እንደ አፈሩና እንደ ማዳበሪያው በጣም ስለሚለያይ ምን ያህል እንደጠጡ አያውቁም። በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የተጨመቀ ጁስ የናይትሬቱን መጠን ይጽፋል፤ እኔ ያየኋቸው ላይ የኦክሳሌቱ መጠን አልተጻፈም። እርጎ ጨምረው ቢጠጡትስ አሉ። የኦክሳሌቱን ጫና ይቀንሳል፤ ግን በየቀኑ ለሚወሰድ ነገር፣ ሦስት ጊዜ ጠጠር በሠራ ኩላሊት ላይ፣ ያን ያህል አልተማመንኩበትም።

የተሻለው ናይትሬቱን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው። ናይትሬት የቀይ ስር ብቻ አይደለም። ሩኮላ የሚባለው መራራ ቅጠል በናይትሬት ከቀይ ስር ይበልጣል፤ ኦክሳሌቱ ግን ዝቅተኛ ነው። ተራው ሰላጣም ጥሩ ምንጭ ነው። አንድ ትልቅ ሳህን ሩኮላና ሰላጣ በምሳ ሰዓት፣ ከአንድ ስኒ እርጎ ጋር፣ በየቀኑ እንዲበሉ ተስማማን። ስፒናችና ቆስጣን ግን አስጠነቀቅኳቸው፤ ናይትሬት ቢኖራቸውም ኦክሳሌታቸው ከቀይ ስርም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። «አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ጥሩ ነው» የሚለው ምክር ጠጠር ላለበት ሰው እዚህ ላይ ይሰበራል። ባክቴሪያ የሚገድለውን መጉመጥመጫም ሳይመልሱት ቀሩ።

አሁን ወደ ጨው ልመለስ፤ ትልቁ ሥራ የነበረው እዚህ ነው። ጨው ሲበዛ ግፊት ይጨምራል፣ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ኩላሊት ሶዲየም ሲያስወጣ ካልሲየምም አብሮ እንደሚያፈስ ነው። ስለዚህ 12 ግራም ጨው ሁለቱንም በሽታዎች በአንድ ጊዜ እየመገበ ነበር። ከየት እንደሚመጣ ሦስት ቀን የበሉትን አስጻፍኳቸው። ወጥ ላይ የሚበትኑት ጨው ትንሽ ነው፤ ብዙው ከዳቦ፣ ከአይብ፣ ከታሸገ ሾርባና ምሽት ላይ ከሚቆረጥሙት ኦቾሎኒ ነበር። ኦቾሎኒው ራሱ ኦክሳሌት ስላለው እሱን በሌላ ነገር ተኩልን። ውሃውን ደግሞ በመብላት ሰዓት ሳይሆን በሽንት ቀለም እንዲመሩት አደረግን፤ ቀይ ስር ከቆመ በኋላ ቀለሙ እንደገና የሚነበብ ሆኗል።

በሁለት ወር ሶዲየሙ ወደ 115 ሚሊሞል፣ ማለትም ወደ 7 ግራም ጨው ገደማ ወረደ። ካልሲየሙ 210፣ የሽንቱ መጠን 2.3 ሊትር፣ ኦክሳሌቱ 34። እርጎ ቢጨመርም የሽንቱ ካልሲየም እንዳልጨመረ ልብ ይበሉ። ግፊቱ አማካዩ 140 በ88 ሆነ። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የጨው፣ ምን ያህሉ የሩኮላው እንደሆነ መለየት አልችልም፤ በአንድ ጊዜ ነው የጀመርናቸው።

140 በቂ አልነበረም፤ ሐኪማቸውም አልረኩበትም። በዚህ ጊዜ ግን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ነበር። የታያዛይድ ዓይነት መድኃኒት በዝቅተኛ መጠን ጀመሩላቸው። ይህ መድኃኒት ግፊት ያወርዳል፤ በሽንት የሚወጣውንም ካልሲየም ይቀንሳል። ጠጠር እንዳይመለስ ያደርጋል የሚለው ተስፋ በ2023 በወጣ ትልቅ ጥናት ተዳክሟል፤ ስለዚህ እኛ የመረጥነው ለግፊቱ ነው። ፖታሲየም ሊያወርድ ስለሚችል በአራተኛው ሳምንት ደማቸው ተመርምሮ ደህና ሆኖ ተገኘ። አማካዩ ግፊት አሁን 129 በ81 ነው።

አንድ ነገር ላስገባ። ኩላሊታቸው የደከመ ወይም አንጀታቸው የተቀነሰ ወይም የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ላይ ጉዳዩ ከጠጠር ያልፋል። ብዙ ኦክሳሌት በኩላሊቱ ሥጋ ውስጥ ራሱ ተከማችቶ ኩላሊት እንዲያቆም ያደረገበት፣ በየቀኑ የአትክልት ጁስ በሚጠጡ ሰዎች ላይ የተመዘገበ ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ቀይ ስር ጁስ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን መጠየቅ አለባቸው። ጠጠር ኖሮት የማያውቅና ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ግን በዚህ ታሪክ አይፍራ።

ባለፈው ሳምንት ለስድስተኛው ወር ክትትል መጡ። የሽንት ዕቃው ውስጥ ያለው ገለባ ቀለም ነበር። ባልደረባዬ እንዲያም ሆኖ ስትሪፕ ነከረችበት። ደም የለም። እሳቸው ደብተራቸውን አወጡ፤ ሦስተኛ ዓምድ ጨምረውበታል፣ በየቀኑ የጠጡት ውሃ።